94.6 በመቶ ላይ የቆመው የአሉሚና ፔሌት

ፔሌቱ በመጨረሻ ቀዳዳ የሌለው አሉሚና ካለው ጥግግት 98.6 በመቶ ገባ። ከ95 አላልፍ ብሎ ስንት ጊዜ ተመላልሶ የተተኮሰ ነገር ስለሆነ ደስታው ቀላል አይደለም። አሉሚና ወይም ሌላ የሴራሚክ ዱቄት ሲንተር የምታደርጉ ሰዎች ያው ችግር እንዳያቆያችሁ፣ የት እንደተያዘና እንዴት እንደተፈታ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሥራውን የሚሠራው ጉልበት ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። የቅንጣቱ ስፋት 0.3 ማይክሮን የሆነ አንድ ግራም የአሉሚና ዱቄት ወደ 5 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ አለው። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጽ በግምት 1 ጁል ኃይል ስለሚይዝ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለን አጠቃላይ ስንቅ 5 ጁል ገደማ ነው። ይህ ያንኑ ግራም በ6 ዲግሪ ያህል ብቻ የሚያሞቅ ነው። ምድጃው የሚሰጠው ሙቀት አቶሞቹ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል እንጂ ወዴት እንደሚሄዱ አይወስንም። አቅጣጫውን የሚሰጠው ገጹን ለመቀነስ ያለው ዝንባሌ ነው፤ ገጽ ደግሞ በሁለት መንገድ ይቀንሳል። አንደኛው ክፍተቱ እየተዘጋ ፔሌቱ ሲጠቀጠቅ ነው። ሁለተኛው ትንንሾቹ ቅንጣቶች እያለቁ ትልልቆቹ ሲወፍሩ ነው፤ በዚህኛው ክፍተቱ ሳይዘጋ ስንቁ ያልቃል። የሲንተሪንግ ጥበብ በሙሉ ያቺን 5 ጁል ለመጀመሪያው ማዋል ነው።

ደረጃዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። መጀመሪያ ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ አንገት ያበጃሉ፤ ፔሌቱ ይጠነክራል፣ ብዙም አያጥርም። ቀጥሎ ከ65 እስከ 92 በመቶ ባለው መካከል ክፍተቱ እርስ በርሱ የተያያዘ ቧንቧ ይመስላል፤ አብዛኛው መጠቅጠቅ እዚህ ላይ ያልቃል። ከ92 በላይ ቧንቧዎቹ ተቆራርጠው የተዘጉ ነጠላ ቀዳዳዎች ይሆናሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ዱቄቱ ምንም ሳይጨመርበት በ100 ሜጋፓስካል በ13 ሚሊሜትር ሞልድ ተጨመቀ፤ ጥሬው 57 በመቶ ነበር። በ1600 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ተተኮሰ። ዲያሜትሩ ወደ 11 ሚሊሜትር ወረደ፤ በካሊፐር ለክቶ «ጥሩ ነው» ማለት ይቻላል። ግን በ95 እና በ97 በመቶ መካከል ያለው የዲያሜትር ልዩነት ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ካሊፐር እዚህ ላይ ምንም አይነግራችሁም። በአርኪሜዲስ ዘዴ መለካት ግድ ነው፦ ደረቁን መመዘን፣ 2 ሰዓት ውኃ ውስጥ ማፍላት፣ ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ መመዘን፣ ከዚያ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መመዘን። ደረቁ 2.950፣ ተንጠልጥሎ 2.170፣ እርጥቡ 2.952 ግራም መጣ።

```
2.950 / (2.952 − 2.170) × 0.998 = 3.765
3.765 / 3.98 = 94.6 %
(2.952 − 2.170) → 0.782
(2.952 − 2.950) / 0.782 = 0.26 %
```

0.998 የውኃው፣ 3.98 ደግሞ ቀዳዳ የሌለው አሉሚና ጥግግት ነው። የመጨረሻው ቁጥር ውኃ የሚገባበት ክፍት ቀዳዳ ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጎደለው 5 በመቶ ሁሉ ተዘግቶ ውስጥ ቀርቷል። ያን ጊዜ መፍትሔ የመሰለኝ ሰዓት ማስረዘም ነበር። በ1600 ላይ 8 ሰዓት ሲቆይ 94.8 መጣ። እጥፍ ሰዓት ለ0.2 በመቶ!

ምክንያቱን ለማወቅ የተሰበረውን ፊት መብራት ሥር እያዟዟሩ ማየት ይበቃል። ደህና የተጠቀጠቀ አሉሚና ስብራቱ ደብዛዛ፣ እንደ ሸክላ ስኒ ስብራት ልስልስ ያለ ነው። ይኼኛው እዚህም እዚያም እንደ ስኳር ብልጭ ብልጭ ይል ነበር፤ እያንዳንዱ ብልጭታ አንድ ትልቅ ግሬይን ነው። ሌላው ቁራጭ ፖሊሽ ተደርጎ፣ ድንበሮቹ እንዲወጡ በ1450 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ተሞቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በ3 ማይክሮን ግሬይኖች መካከል 50 ማይክሮን የሚደርሱ ተቀምጠዋል። በትልልቆቹ ሆድ ውስጥ ደግሞ ቀዳዳዎቹ እንደ ነጠብጣብ ተበትነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዳዳ የሚሞላው ከግሬይን ድንበር በሚመጣ አቶም ነው። ቀዳዳው ድንበር ላይ እስከተቀመጠ ድረስ አቶሙ በአጭርና ፈጣን መንገድ ይደርሰዋል። ድንበሩ ቀዳዳውን ጥሎ ካለፈ ግን ቀዳዳው ግሬይኑ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ አቶሙ ያለው መንገድ በክሪስታሉ መሐል በዝግታ ማለፍ ነው። ሰዓት ቢጨመር ግሬይኑ እየወፈረ ድንበሩን ከቀዳዳው ይበልጥ ያርቀዋል። ግሬይን ሳይታፈን ቢወፍርም ዋጋ ያስከፍላል፦ መጠቅጠቁ በድንበር ዲፍዩዥን ከሆነ፣ ግሬይኑ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ሥራ 16 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል።

ጥቂት ድንበሮች ብቻ ለምን ሮጡ? በዱቄቱ ውስጥ ያለ ኢምንት ሲሊካና ካልሲየም ድንበር ላይ ተጠራቅሞ አንዳንዱን ድንበር ከሌላው ያፈጥነዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሮበርት ኮብል በጀነራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ጥቂት ማግኒዢያ። ድንበሮቹን ያዘገያል፣ ሩጫቸውንም ያስተካክላል።

መጠኑ በክብደት 0.05 በመቶ ነው። ለ100 ግራም አሉሚና 0.05 ግራም ማግኒዢያ ማለት ነው፤ ይህን በደረቁ በትኖ እኩል ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ 0.318 ግራም ማግኒዥየም ናይትሬት (ባለ ስድስት ውኃውን) ኢታኖል ውስጥ አሟሙቶ፣ ከዱቄቱ ጋር በአሉሚና ኳሶች 12 ሰዓት መፍጨት ነው። ሲደርቅ ማማሰሉን አታቋርጡ፤ ዝም ብሎ ከደረቀ ጨዉ ከፈሳሹ ጋር ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣና አንዱ ቦታ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። ከዚያ ወንፊት። ወንፊቱን የሚዘል ሰው ለምን እንደሚዘል አይገባኝም። ያልተሰበረ ጓል በጓሎቹ መካከል ትልቅ ክፍተት ይተዋል፤ በብዙ ግሬይኖች የተከበበ ትልቅ ክፍተት ደግሞ ከመጥበብ ይልቅ ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዴም ይሰፋል። ይህን ማግኒዢያም አይፈታውም።

አተኳኮሱም ተቀየረ። እስከ 600 ዲግሪ በደቂቃ 2 ዲግሪ፣ እዚያ 1 ሰዓት፤ ናይትሬቱ የሚበተነው እዚህ ነው። ከዚያ በደቂቃ 10 ዲግሪ እስከ 1500፣ በዚያ 2 ሰዓት። ከ900 እስከ 1200 ባለው መካከል መንቀርፈፍ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ፤ እዚያ የሚሠራው በአብዛኛው የገጽ ዲፍዩዥን ስለሆነ አንገቱን ያወፍራል፣ ቅንጣቱን ያሳድጋል፣ ግን ሁለቱን ማዕከሎች አያቀራርብም። ፔሌቱ በዚያው በተቀላቀለው ዱቄት ተሸፍኖ ክዳን ባለው የአሉሚና ክሩሲብል ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ማግኒዢያው ከላዩ ይተናል። ውጤቱ፦ 2.950፣ 2.201፣ 2.951። 98.6 በመቶ፣ ግሬይኑ 2 ማይክሮን ገደማ፣ ብልጭታ የለም።

አንድ ምክር ብቻ ውሰዱ ብባል፣ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ እላለሁ። በ1300፣ 1400፣ 1450 እና 1500 አንዳንድ ፔሌት አቋርጣችሁ አውጡና የግሬይኑን መጠን ከጥግግቱ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ለግሬይኑ በፎቶው ላይ መስመር አስምሮ የቁራጮቹን አማካይ ርዝመት በ1.56 ማባዛት ይበቃል። መስመሩ እስከ 92 በመቶ ድረስ ዝግ ብሎ መውጣቱና ከዚያ ቀጥ ብሎ መተኮሱ የተለመደ ነው፤ ከ90 በታች ከተተኮሰ ግን ችግሩ ዱቄቱ ላይ ነው፣ ምድጃውን አትነካኩ።

ከፍ አድርጎ ወዲያው ዝቅ የማድረጉን ባለ ሁለት እርከን ዘዴ (ቼንና ዋንግ በ2000 እ.ኤ.አ. በኢትሪያ ያሳዩትን) ለጀማሪ አልመክርም። መጀመሪያው እርከን ከ75 በመቶ በላይ ካላደረሰ ሁለተኛው እርከን ስንት ሰዓት ቢቆይ ይቆማል፤ ያቺን ሙቀት ለማግኘት ደግሞ ያው ከላይ ያልኩት ግራፍ ያስፈልጋል። የቀረውን 1.4 በመቶ በተመለከተ በአየር ውስጥ ብዙ አልጠብቅም፤ የተዘጋው ቀዳዳ ውስጥ የታፈነው ናይትሮጅን በአሉሚናው ውስጥ አልፎ አይወጣም፣ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥርም መልሶ ይገፋል። ብርሃን የሚያስተላልፈው የሶዲየም መብራት አሉሚና በሃይድሮጅን የተተኮሰው ለዚህ ነው።