አንቱ ልበል ወይስ አንተ? የመጀመሪያ ቀን ትውውቅ

አዲስ መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ፤ ባሕር ዳር፣ የጣናን ውኃ የሚመረምር ላብራቶሪ። ድሮ ትውውቅ ሲባል ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ተሻሽያለሁ፣ ትንሽ ልኩራ።

ለቡድኑ የምለው አጭር ነው። «እንደምን አደራችሁ። ሰላም እባላለሁ። ናሙና ምርመራ ላይ አብሬያችሁ ልሠራ ነው የመጣሁት። ጎንደርም የምሠራው ይህንኑ ነበር። ዛሬ የናሙና መዝገቡን ባይ ደስ ይለኛል፤ ማን ጋ ልምጣ?» በቃ። ዲግሪና ውጤት መደርደር አልወድም፣ ማመልከቻው ላይ አለ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን አትዝለሏት። እሷ ከሌለች ሁሉም «እንኳን ደህና መጣሽ» ይልና ክፍሉ ጭጭ ይላል።

የሚያስቸግረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ አንድ በአንድ ሰላምታ ስሰጥ ማንን አንቱ፣ ማንን አንተ ልበል? የክፍሉ ኃላፊ እኩያዬ ነው። የጀልባው ነጂ አባቴ ይሆናሉ። ሥልጣን ወዲህ፣ ዕድሜ ወዲያ።

የኔ አቋም፦ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንቱ ነው፤ ኃላፊውም፣ ነጂውም፣ ጽዳት የሚሠሩትም። ለኃላፊው ብቻ አንቱ ብላችሁ ነጂውን አንተ ካላችሁ ቀኑ ሳይመሽ ይወራል። ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ቀላል ነው፤ ከአንተ ወደ አንቱ መውጣት ግን ሽማግሌ ሳያስልክ አይቀርም። «ይቀዘቅዛል» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ሙቀቱን የሚያመጣው ከወንበር መነሳቱ፣ ጎንበስ ማለቱ፣ ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደገፍ አድርጎ መጨበጡ ነው። ትልቅ ሰው ከሆኑ እጃቸውን እስኪዘረጉ እጠብቃለሁ። ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ።

መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ አንቱ ስላት ሳቀች። «ኧረ ተይ፣ አረጀሁ እንዴ?» ወዲያው አንቺ ተባባልን። ፈቃዱ ከሰውየው ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያምረው። ኃላፊው ግን መልሶ አንቱ አለኝ። ርቀቱ ተመችቶታል ማለት ነው፤ እኔም አልገፋሁም።

የሰውየው ዕድሜ ካልገባኝ «ማን ልበል?» እላለሁ። አንተም አንቱም የለበት፣ ስሙንም ያስገኛል። ስም ቶሎ ይጠፋብኛል፣ ስለዚህ ሻይ ሰዓት ላይ ደብተሬን አውጥቼ እጽፋለሁ፦ ስም፣ ሥራ፣ ጎኑ ላይ «አንቱ» ወይም «አንቺ»። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ክፍት እንዳይቀር ብቻ!

እዚያው ሻይ ላይ «አገርሽ የት ነው?» መምጣቱ አይቀርም። ያደግሁበትን ከተማ እናገርና ወሬውን ወደ ምሳ አዞራለሁ፤ ቆረሶ ዓሣ የት ይጣፍጣል? በዚህ ጉዳይ ዝም የሚል የባሕር ዳር ሰው አላገኘሁም።

ገና ያልለመድኩት ስብሰባውን ነው። ጠዋት አንተ ሲባባሉ የነበሩት እንግዳ ሲገባ ሁሉም አንቱ ይሆናሉ። እንግዳው ሲወጣ ይመለሳሉ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘግይቼ ነው የምደርሰው።