ሚዜ እሆናለሁ ካልኩ በኋላ

ከዓመታት በፊት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልደት ለመቅረት "አሞኛል" ብዬ ነበር። በማግስቱ አመሻሽ ላይ አራት ሰዎች ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ሊጠይቁኝ መጡ። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እህቴ በር እስክትከፍት እጄን በቀሚሴ አደራርቄ፣ ጋቢ ደርቤ አልጋ ውስጥ ገባሁ። አንዷ ግንባሬን ዳሰሰችና "ትኩሳቱስ ወርዷል" አለች። እኛ ዘንድ የፈጠራ ምክንያት ጣጣው ይሄ ነው። ታመምኩ ያለ ሰው ይጠየቃል። ዘመድ ሞተብኝ ካለማ ጭራሽ ለቅሶ ይደርሱታል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከሚዜነት ልወጣ ስል ውሸት እንደማያዋጣ አውቅ ነበር። እውነቱን እንዴት እንደሚናገሩት ግን አላውቅም።

ጓደኛዬ የጠየቀችኝ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ምሳ እየበላን ነው። "ሚዜዬ ትሆኛለሽ አይደል?" አለችኝ። ጉርሻዬን ሳልውጥ "እንዴ! ምን ጥያቄ አለው" አልኩ። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነበር። የገና ጾም ሳይፈታ፣ ዐቢይ ጾምም ከገባ በኋላ ስለማይደገስ ጥር ላይ ሰርግ ይደራረባል፤ አዳራሽ፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ ሁሉም ወረፋ ነው።

ሚዜነት የአንድ ቀን ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። አምስት እሁድ የጭፈራ ልምምድ። አንድ ቅዳሜ ብራይዳል ሻወር። የሰርጉ ዕለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ፀጉር ቤት። በማግስቱ መልስ። እኔ በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ፤ ከልጄ ጋር የምውለው እሁድን ብቻ ነው። አንድ ማታ ቀኖቹን በጣቴ ስቆጥር ዕንባዬ መጣ። እሺ ያልኩት አስቤበት እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ይሉኝታ ነው እሺ ያለው።

ያን ማታ ልነግራት ይገባ ነበር። ዘጠኝ ቀን ፈጀሁ። አንዷ የቢሮ ጓደኛ "ቆንጆ ምክንያት ፈልጊለት" አለችኝና አብረን ስንፈልግ ሰነበትን። ለጊዜው የመጣልኝ "ገንዘብ አጠረኝ" ማለት ነበር። ውሸት አይደለም፤ በእርግጥም አጥሮኝ ነበር። ግን ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ፦ ወጪሽን ልሸፍንልሽ ብትለኝ እሄዳለሁ? አልሄድም። እንግዲያው ምክንያቴ ገንዘብ አይደለም። ይሄ ጥያቄ በጣም ጠቅሞኛል። ከፊሉ እውነት የሆነ ምክንያት ከሙሉ ውሸት የሚብስበት ጊዜ አለ፤ ጋባዡ ከልቡ መፍትሔ ይዞልህ ሲመጣ የምትገባበት ይጠፋሃል።

የቀረው ምክንያት አንድ ብቻ ሆነ። ሳላስብ እሺ አልኩ፣ አሁን አልችለውም። ሲያዩት ባዶ ነው። ሞት የለበት፣ ሕመም የለበት። ሰው ሰበብ የሚፈጥረውም እውነቱ እንዲህ ቀሎ ስለሚታየው ይመስለኛል።

በዘጠነኛው ቀን ደወልኩና "ዛሬ ላገኝሽ እፈልጋለሁ፣ ስለ ሚዜነቱ ነው" አልኳት። ርዕሱን አስቀድሜ መናገሬ ደግ ነበር፤ ባላወቀችው ነገር አልደነገጠችም። በጽሑፍ መላክ አምሮኝ ነበር። ግን ግሩፑ ላይ የምታነበው ሰው ሁሉ እያየ ነው፣ ለብቻዋ ብልክላትም ፊቴን ሳታይ ቃሌን ደጋግማ ነው የምታነበው።

ቡናው ሳይቀርብ ጀመርኩ። "ሚዜሽ መሆን አልችልም። ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኝ፣ ሳላስብበት እሺ አልኩሽ። ልምምዱንና ሰርጉን ስደምረው ከልጄ ጋር ያለኝን እሁድ በሙሉ የሚወስድ ሆነ፣ አቅሙም የለኝም። ይሄን ካወቅሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ፈርቼ አልነገርኩሽም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።"

"ካስቀየምኩሽ ይቅርታ" ላለማለት ቤት ውስጥ ተለማምጄ ነበር። "ካ" የምትባለዋ ፊደል ጥፋቱን ወደ ሰሚው ትገፋዋለች፤ ካልተቀየምሽ አላጠፋሁም እንደማለት ነው። "አጥፍቻለሁ" ግን ዞሮ መግቢያ የለውም።

ዝም አለች። ከዚያ "እሺ፣ ችግር የለም" አለች። አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ይህች "ችግር የለም" ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። አፌን ሊያሳክከኝ ጀመረ። ልጄን ልጨምርበት፣ አለቃዬን ልጨምርበት፣ ወገቤን ልጨምርበት አማረኝ። ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። በመጨረሻ "ልብሱ እኮ ተቆርጧል" አለች። ድምጿ ተሰበረ። ለካ ከአራት ቀን በፊት የአራታችንንም ጨርቅ ለልብስ ሰፊው ሰጥታ ነበር። ባወቅሁ ማታ ነግሬያት ቢሆን ጨርቁ ገና ሱቅ ነበር። የጎዳኋት በመቅረቴ ሳይሆን በመዘግየቴ ነው፤ እስካሁን የሚቆጨኝም ያ ነው።

"ልምምዱ ይቅርብሽ፣ የሰርጉን ቀን ብቻ ነይ" አለችኝ። እዚህ ላይ ልወድቅ ነበር። በጥፋተኝነት ስሜት የሚሰጥ ሁለተኛ ቃል ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ጭፈራ የማታውቅ ሚዜ መሐል ላይ ቆማ ማየትም አልፈለግሁም። "አይሆንም። እንግዳ ሆኜ ግን እመጣለሁ" አልኩ። የምችለው እሱን ነበርና ያንን ብቻ ነገርኳት። "መልሱ ላይ እሠራለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ" የሚል ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ወንዶቹ ሚዜዎች አራት ስለሆኑ ሴቶቹ ሦስት ቢሆኑ አንዱ ብቻውን ይገባል። ሰው ልፈልግላት አልኩ፤ አልፈለገችም። የአክስቷን ልጅ ራሷ ጠየቀች። ሚዜዋን መምረጥ የሷ ነው፣ እኔ ያጎደልኩትን እኔ በመረጥኩት ልሙላ ማለቴም ድፍረት ነበር።

የጨርቁን ገንዘብ ስሰጣት "ምን ሆነሻል!" ብላ እጄን መለሰችው። እውነቷን ነው፤ እጇ ላይ ብር ማስቀመጥ ይቅርታን መግዛት ይመስላል። በማግስቱ ወደ ልብስ ሰፊው ሄጄ የጨርቁንም፣ ለአዲሷ ልጅ የማስተካከያውንም ከፈልኩ። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀሚሱን ገለበጠና ከጎኑ የተረፈውን ሁለት ጣት ጨርቅ አሳየኝ። "ተርፏል፣ ይሰፋል። ልጅቷ ካንቺ ወፈር ትላለች" አለኝ። በነጭ ጠመኔ አዲስ መስመር አሰመረበት።

ጓደኛዬ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰላምታዋ አጭር ነበር። እኔም "አሁንም ተቀይመሽኛል?" እያልኩ አልጨቀጨቅኳትም። ይቅር ለማለት ጊዜ የሚያስፈልገውን ሰው ማጣደፍ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

የሰርጉ ዕለት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከኋላ በኩል፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀመጥን። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሲገቡ አራቱም ጥንዶች ሙሉ ነበሩ። የሙሽራዋ እናት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ ሲጋብዙ እኛ ጋ ደረሱ። ሰምተው እንደሁ ፊታቸው አይናገርም። የልጄን ሳህን አዩና "ኧረ በሞቴ ጨምሪላት፣ ምንም አልበላችም" ብለው አለፉ። የአክስቷ ልጅ በአጠገባችን ስትዞር ቀሚሷን አየሁት። ከብብቷ በታች፣ ስፌቱ አጠገብ፣ የጠመኔው መስመር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።