ከሐምሌ 1 ጀምሮ

የምሠራው ድሬዳዋ ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኖቻችን እሁድ ቆመው ሰኞ ሲነሱ፣ እስኪሞቁና እስኪስተካከሉ ድረስ የሚያወጡት ሁሉ ተመልሶ ወደ መፍጫ ይገባል። ስለዚህ የምርት ክፍሉ ሳምንቱን ሙሉ ሳያቆም መሥራት መፈለጉ አልገረመኝም። የገረመኝ አንድ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየሁት ወረቀት ነው። «ከሐምሌ 1 ጀምሮ አዲስ የፈረቃ ድልድል ተግባራዊ ስለሚሆን ሠራተኞች በሙሉ እንድታውቁት» ይላል። ከሥሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በሚሉ ፊደላት የታጨቀ ሠንጠረዥ አለ። ሐምሌ 1 ሊገባ የቀረው ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።

ነባሩ አሠራር ቀላል ነበር። ሦስት ቡድን አለ፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ይገባሉ። በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፣ እሁድ ያርፋሉ። ጥገና ወይም አስቸኳይ ትእዛዝ ካለ የእሁዱ በኦቨርታይም ይሸፈናል። አዲሱ አራት ቡድን አድርጎ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት ቀን ዕረፍት ይላል። ዑደቱ 8 ቀን ነው። በስምንት ቀን 48 ሰዓት ማለት በሳምንት ሲሰላ 42 ሰዓት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከፈቀደው 48 በታች። በወረቀት ላይ ሠራተኛውን የሚጠቅም ይመስላል፤ የምርት ኃላፊው ግራ የተጋባውም ለዚህ ነው። «ሰዓት ቀነስንላቸው፣ ምን ያጉረመርማሉ?» አለኝ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ወረቀቱን ነቅሎ ቢሮ ይዞት መጣ። የሥራ ሰዓት አደላደል በኅብረት ስምምነታችን የተጻፈ ነገር ነው፤ በማስታወቂያ አይለወጥም። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ወዲያው ተረድቶ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ፣ ሠንጠረዡ ተነበበ፣ «አስተያየት ያለው?» ተባለ። አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ስለ ሰርቪስ ጠየቀ፤ ሌላው ዝም። ኃላፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «ሠራተኛው ተቀብሎታል» ተብሎ እንዲጻፍ ፈለገ። ሊቀ መንበሩ አልፈርምም አለ። ልክ ነበር፤ ሰው ያልገባውን ነገር መቀበልም መቃወምም አይችልም።

ማሸጊያ ክፍል ያለችው ሽፍት ሊደር ሻይ ላይ አገኘችኝና «አቦ፣ ያ ፊደል ለእኔ ምን ይነግረኛል? የልጄ ክትባት ቀን ሥራ ላይ ነኝ ወይስ ቤት? እሱን ንገሩኝ» አለችኝ። መፍትሔው የመጣው ከዚያ ነው። ሊቀ መንበሩና እኔ ሠንጠረዡን አፍርሰን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ የአንድ ወር ቀን መቁጠሪያ አተምንለት። በየቀኑ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎበታል። ከሥሩ ባዶ መስመር ትተን «የማይሆንልህን ቀን አክብበህ ምክንያቱን ጻፍ» አልን። መጻፍ የማይፈልግ ለብቻው መጥቶ እንዲነግረን ቀን ወሰንን፤ የሌሊቱን ቡድን ያገኘነው ንጋት ላይ ከመውጣታቸው በፊት፣ በሥራ ሰዓታቸው ነው። እንቅልፍ ያጣን ሰው ከፈረቃው በኋላ ስብሰባ አስቀምጦ ማማከር ዋጋ የለውም።

አዳራሹ ውስጥ ያልወጣው ነገር አሁን መጣ። የመጀመሪያው ማንም ያላየው የሽግግሩ ቀን ነው። ሐምሌ 1 ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት በነባሩ ድልድል የሚገባው ቡድን ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ይወጣል። በአዲሱ ደግሞ ያው ቡድን ሐሙስ 12 ሰዓት የጠዋት ፈረቃ ጀማሪ ነው። ሌሊቱን አድሮ ቀጥታ 16 ሰዓት ሊሠራ ነው ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ ይህ አይታይም፤ ሠንጠረዡ የሚጀምረው ከሐምሌ 1 ስለሆነ የሰኔ 30ን ሌሊት የሚያውቀው ራሱ ሠራተኛው ብቻ ነው። ፈረቃ ሲለወጥ አዲሱን ሠንጠረዥ ከማየት በፊት አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበትን ሳምንት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መጀመሪያውን ወደ ሰኞ ሐምሌ 12 አዛወርነው። ፋብሪካው ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆምበት እሁድ በመሀል ገባ፤ ቅዳሜን ያደረው ቡድን ደግሞ ዑደቱን ከዕረፍቱ እንዲጀምር ተደረገ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ስለ ገንዘብ በሰው ፊት ማንም አልተነፈሰም፤ ለብቻው ሲሆን ግን ከአምስቱ አራቱ ያነሱት ይህንኑ ነው። ወር ደመወዙ 6,240 ብር የሆነን ሰው እንውሰድ። ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይመጣል። በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በሁለት እጥፍ ስለሚከፈል አንድ እሁድ 480 ብር ነው፤ በወር ሁለት እሁድ የለመደ ሰው 960 ብር ያጣል። እሁድ ተራ የሥራ ቀን ሲሆን ያ ገቢ ጠፋ። ሰዓት ቀነስንላቸው ያለው ኃላፊ የቀነሰው ይህንንም ነበር፤ ስሌቱን ስናሳየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

የአርብ ጸሎት ጉዳይ ግን ከጠበቅነው ተቃራኒ ሆነ። ጁምዓ የሚያመልጣቸው ይበዛል ብለን ፈርተን ነበር። ቀን መቁጠሪያውን ስንቆጥር በነባሩ ከሦስት አርብ አንዱ ጠዋት ፈረቃ ላይ ይውል ነበር፤ በአዲሱ ከስምንት ሁለቱ ብቻ ነው። የተጎዱት እሁድን የለመዱት ናቸው፤ ቅዳሴውም ዕድሩም እዚያ ላይ ነው፣ ሙሉ ዕረፍት የሚሆነው እሁድ ደግሞ ከስምንቱ ሁለት ብቻ። ስለዚህ የመለዋወጥ ደንብ ወጣ፦ በሙያ ከሚመጥነው ሰው ጋር ተስማምቶ፣ ከአንድ ቀን በፊት ለሽፍት ሊደሩ አሳውቆ መቀየር ይቻላል። ልውውጡ ሁለት ፈረቃ ካያያዘ ግን አይፈቀድም።

ሰርቪሱም ተስተካከለ። ማታ 4 ሰዓት የሚወጡት ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖሩት በክረምት ሌሊት ወንዙ አካባቢ በእግር መሄድ አይፈልጉም፤ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅም። መኪናው በየሰፈሩ እንዲገባ ተደረገ። ለብቻዋ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ ነፍሰ ጡር መሆኗን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ከማታው 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እሷን ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱ ሳይጻፍ ቀን ብቻ እንድትሠራ ተመደበች።

የእሁዱን ገቢ ግን ሙሉ በሙሉ አልመለስነውም። ማኅበሩ የጠየቀው የወር ፈረቃ አበል ነበር፤ ድርጅቱ የተስማማው ካጡት ግማሽ በታች በሚሆን መጠን ነው። በሦስት ወር ውስጥ ከመፍጫ የሚድነው ምርት ታይቶ እንደገና ድርድር እንዲደረግ በቃለ ጉባኤ ተፈርሟል። ሁለት ቴክኒሺያኖች አልጠበቁም፤ ለቀው ሄደዋል። ሊቀ መንበሩ የመፍጫውን መዝገብ በየሳምንቱ ከእኔ እየወሰደ ኮፒ ያደርጋል።