«አንቺ» የተባለችው ማን ናት?

ድሬዳዋ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ 30 ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባልደረባችን ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ። የሽኝት ኮሚቴው ለእኔ የሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፤ አንድ ዘፈን መምረጥና ዘፈኑ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል መናገር።

መጀመሪያ የመረጥኩት በትዝታ ቅኝት የተዘፈነ፣ ድምጿ ልብ የሚበላ የአንዲት ሴት ዘፈን ነበር። ለሽኝት ከትዝታ የተሻለ ምን አለ? ግጥም ባይኖረው እንኳ ክራሩ ብቻውን ሰው አንገት ያስደፋል። በዋዜማው መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ በስልኬ ሳዳምጠው፣ ሻይ የምታፈላልን ሴት ብርጭቆ እየሰበሰበች ቆም አለች።

«ጥለኸኝ ሄድክ ነው እኮ የምትለው። የእትዬ ባለቤት ካረፉ ገና ሁለት ዓመታቸው አይደለም?»

ደነገጥኩ። ዜማውን እንጂ ግጥሙን አልሰማሁም ነበር። አብዛኛው ዘፈናችን የፍቅር ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ግሱ ራሱ ወንድ ይሁን ሴት የሚጠራው ይናገራል፤ መደበቂያ የለውም። ሠርግ ላይ ሲሆን ሰው አያጣራም፣ ይጨፍራል። ሽኝት ላይ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ «አንተ» የተባለው ማን እንደሆነም ይፈልጋል። እትዬ ደግሞ ሩቅ ሳይሄዱ ያገኙት ነበር።

ስለዚህ ወንድ የዘፈነው፣ «አንቺ» እያለ የሚያሞግስና የሚናፍቅ ሌላ ትዝታ ፈለግሁ። ድምፅ ከመግባቱ በፊት አርባ ሰከንድ ያህል ክራር ብቻ አለው። ይህን አርባ ሰከንድ ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ንግግሬን በሁለት ገጽ ጻፍኩ፦ የመጀመሪያው ገጽ ለእንግዶች ምስጋናና ያችው የማታልቀው ሻማ፣ «ራሱ ቀልጦ ለሌላው የሚያበራ መምህር»፤ ዘፈኑ ለምን እንደተመረጠ የሚናገረው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር። ሙዚቃውን የሚከፍተውን ወጣት የኮምፒውተር መምህር ደግሞ፣ «‹ዘፈን› ስል ትከፍታለህ» አልኩት።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ማይክሮፎኑን ያዝኩና፣ «የተከበራችሁ እንግዶች፣ ዛሬ ዘፈን ከመጋበዛችን በፊት...» ከማለቴ ክራሩ ጀመረ።

ልጁ ያልኩትን ነው ያደረገው። አቁም ብለው ግርግር ይሆናል፤ ዝም ብል ዘፋኙ ማንን እንደሚናፍቅ ሳይታወቅ ሊገባብን ነው። ወረቀቱን አጠፍኩና በክራሩ ላይ እንዲህ አልኩ፦

«ይህ ዘፈን ለፍቅረኛ የተዘፈነ ነው። ዛሬ ግን ዘፋኙ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። መስከረም ላይ እናቱ በር ላይ ትታው ስትሄድ አለቀሰ። ሀ ሁ ያስቆጠሩት፣ አፍንጫውን የጠረጉለት እትዬ ናቸው። ሰኔ ላይ ሁለተኛ ክፍል ገባህ ሲባል ደግሞ እሳቸውን ትቼ አልሄድም ብሎ እንደገና አለቀሰ። እና ‹አንቺ› ሲል እሳቸውን ነው። አትቀየሙት፤ የድሬ ልጅ ነው፣ አንቱታ አልለመደም።»

ሳቁ ሳይበርድ ድምፁ ገባ። ዘፋኙ የመጀመሪያዋን «አንቺ» ሲላት ከኋላ የተቀመጡ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በጣታቸው ወደ እሳቸው ጠቆሙ፤ በሁለተኛዋ ግቢው በሙሉ ጠቆመ። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤቴ ገብቼ የተናገርኩትን ከትዝታዬ ጻፍኩት፤ ስልሳ ቃል እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ዘፈን አስተዋውቅ ስባል አስቀድሜ የመግቢያውን ሙዚቃ በሰዓት እለካለሁ፤ የምናገረውም ከዚያ ልክ አያልፍም፤ የሚነግረውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ የሚዘፍነው ማን ነው፣ የሚዘፈንለትስ ማን ነው። ለሙዚቃ ከፋቹም የምልክት ቃል አልሰጥም፤ እጄን ሳነሳ ነው የሚከፍተው።

ኬክ ከተቆረሰ በኋላ እትዬ ጠሩኝ።

«ያን ያጠፍከውን ወረቀት እስቲ ስጠኝ፤ ልታነበው የነበረውን።»

አፍሬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ እስከ መጨረሻ አነበቡ። ስለ ሻማው ምንም አላሉም። ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና «ሰላሳ ዓመት» የምትለውን ከበቡ።

«ሠላሳ በንጉሡ ሠ ነው፣ ልጄ» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።