ደስ ያለንን ጥናት ማን ይጠይቀዋል?

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን «ቡና ለልብ ጥሩ ነው» የሚል ጥናት ከስልኩ አነበበ። «ድሮስ!» ተባለ። ተቃራኒውን ሲያነብ ግን ጥያቄ ዘነበ። ስንት ሰው ተጠና? አጫሾችስ ተለይተዋል? ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው። ለመጀመሪያው ግን ማንም አላነሳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የቻርለስ ሎርድና የባልደረቦቹ ሙከራ በሞት ቅጣት ክርክር ላይ ይህንኑ ፈትኗል። «ሚዛናዊ ሁኑ» ተብሎ መመከሩ ብቻ አድልዎውን አላስቀረም። የረዳው «ይኸው ጥናት ተቃራኒ ውጤት ቢያመጣ ኖሮ እንዲሁ እመዝነው ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ጓደኛችንን የመጀመሪያውን ድገመው አልኩት። ለሁለተኛው ባነሳናቸው ጥያቄዎች ፈተሽነው። ጽሑፉ ስለ አጫሾች ምንም አይልም። ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ግን ከሁለተኛው የሚበልጥበት ምክንያት አላገኘንም።