አንድ ኢሜይል፣ አንድ ቁልፍ፦ ከሐዋሳ የልብስ እጥበት ቤት ሥራዬ

ለደንበኞች የሚላክ ኢሜይል መጻፍ እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ፒያሳ አካባቢ ላለ የልብስ እጥበት ቤት ነው። አዲሱ አገልግሎታቸው ልብስ ከደንበኛው ቤት በባጃጅ ወስዶ፣ አጥቦና ተኩሶ መመለስ ነው። እኛ ጀማሪዎች የምንፈልገው እንዲህ ዓይነት ተጨባጭ ነገር ስለሆነ እንዴት እንደሠራሁት ላካፍላችሁ።

የእጥበት ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የነገሩኝ ብዙ ነበር። የቴሌግራም ቻናላችንን ይቀላቀሉ በል፣ ፌስቡካችንን ላይክ ያድርጉ በል፣ ስልካችንን አስገባ፣ አስተያየታቸውንም ጠይቅልኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፦ «ደንበኛው ኢሜይሉን አንብቦ ሲጨርስ ምን ቢያደርግ ነው ደስ የሚልዎት?» «ቀን ቢይዝልኝ ነዋ!» አሉ። በቃ፣ ቀን መያዝ ብቻ ይሁን ተባባልን። አራት ነገር የተጠየቀ ሰው «ማታ አየዋለሁ» ብሎ ያልፋል፣ ማታ ደግሞ አይመለስም።

ከዚያ ርዕሱን ጻፍኩ፦ «ልብስዎን ቤትዎ መጥተን እንወስዳለን»። «አስደሳች ዜና» የሚል ነገር አልጨመርኩም። ስልክ ላይ የሚታየው የርዕሱ መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ ዋናው ነገር እዚያው መግባት አለበት። ከርዕሱ ጎን ወይም ሥር ደብዘዝ ብላ የምትታይ መስመርም አለች። እሷን ራሳችሁ ካልጻፋችሁ የኢሜይል መተግበሪያው ከጽሑፉ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም «ውድ ደንበኛችን፣ እንደምን ሰነበቱ» ትሆንና ቦታው በከንቱ ይሄዳል። እኔ «ከሰኞ ጀምሮ፣ ታቦርና ሐይቅ ዳር» አልኩ። ሰፈሩ ያልሆነ ሰው ሳይከፍተው ያውቀዋል፣ ሰፈሩ የሆነ ደግሞ ይከፍተዋል።

ዋናው ጽሑፍ ይሄው፦

«ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ልብስዎን ከቤትዎ ወስደን፣ አጥበንና ተኩሰን በሦስተኛው ቀን እንመልስልዎታለን።

አገልግሎቱ ለጊዜው በታቦርና በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። የማመላለሻው 100 ብር ነው፤ ልብሱ ከ5 ኪሎ በላይ ከሆነ ግን ማመላለሻ አይከፍሉም። የእጥበት ዋጋችን እንደነበረ ነው።

የሚመችዎትን ቀንና ሰዓት ይምረጡ። ከመምጣታችን በፊት እንደውላለን።»

ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ፦ «የመውሰጃ ቀን ይያዙ»። ቁልፉ ላይ «እዚህ ይጫኑ» ያላልኩት ሰው ሲጫን ምን እንደሚያገኝ እንዲያውቅ ነው።

ብዙ የቆየሁት ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ሰው «ጥሩ ነው» ካለ በኋላ ወዲያው የሚመጣበት ጥያቄ «ስንት ነው? እኛ ሰፈር ይመጣሉ?» የሚል ነው። ዋጋውን ደብቆ «በተመጣጣኝ ዋጋ» ማለት ሰውን ያስጠረጥራል። ባለቤቷ 100 ብሩ ሰው እንዳያሸሽ ፈርተው ነበር። ግን ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ሲነገር ይብሳል ስላቸው ተስማሙ።

ከመላኩ በፊት ለራሴ ልኬ፣ ስልኬ ኢሜይል ውስጥ ያሉ ምስሎችን እንዳያሳይ አደረግኩት። ይሄን ሁላችሁም ሞክሩት። ቁልፉ በምስል የተሠራ ከሆነ ምስል በማይከፍት ስልክ ላይ ይጠፋል፣ ከኢሜይሉ የሚፈለገውም ነገር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ቁልፉን በቀለም በተሞላ ሳጥን ውስጥ ያለ ጽሑፍ አደረግኩት። ግርጌ ላይ የቤቱ አድራሻና ኢሜይሉን የማይፈልግ ሰው የሚወጣበት መስመር አለ። መውጫውን መደበቅ አያዋጣም፣ መውጫ ያጣ ሰው ስፓም ብሎ ይጠቁማችኋልና የሚቀጥለው ኢሜይላችሁ ሌሎች ዘንድም ላይደርስ ይችላል።

ውጤቱን ስመለከት «ስንት ሰው ከፈተው» የሚለውን ቁጥር ብዙም አላመንኩትም። ኢሜይል ተከፈተ ተብሎ የሚቆጠረው በውስጡ ያለ ምስል ሲወርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ የአፕል ሜይል መተግበሪያ ተጠቃሚው ባይከፍተውም ምስሎቹን አስቀድሞ ሊያወርድ ስለሚችል ያልተከፈተው እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። እኔ የማየው ስንት ሰው ቁልፉን ተጫነ፣ ከነሱስ ስንቱ ቀን ያዘ የሚለውን ነው። ቁልፉ አንድ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። የሚጫነው ጥቂት ከሆነ ችግሩን ኢሜይሉ ውስጥ እፈልጋለሁ። ተጭነው ቀን ሳይዙ ከወጡ ግን ቁልፉ የሚከፍተውን የቀን መያዣ ቅጽ አያለሁ።

እኛ ዘንድ የሆነው ሁለተኛው ነው። ቅጹ የቤት ቁጥር ካልተሞላ አያሳልፍም ነበር፣ ሰው ደግሞ ቤቱን የሚያስረዳው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሱቅ ነው። ሣጥኑን «ቤትዎ ከምን አጠገብ ነው?» በሚል ቀየርነው። በኢሜይል ከመለሱልን ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ የጠየቁት ስለ ምንጣፍ ነበር። ስለዚህ ተጭነው ቀን ላልያዙት በምንልከው ሁለተኛ ኢሜይል ላይ፣ ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ገብታለች፦ «ብርድ ልብስና መጋረጃ እንወስዳለን፤ ምንጣፍ ለጊዜው አንወስድም።» ሐሙስ ጠዋት ይላካል።