«ልዩ ልዩ ተቀናሽ»

በ2014 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በሚያስመጣ አንድ የግል ድርጅት የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ያስረከበኝ ፔሮል ንጹሕ ነበር፤ ድምሩ ይገጥማል፣ ግብሩ በትክክል ይሰላል። ያላማረኝ አንድ አምድ ብቻ ነበር። ከጡረታና ከሥራ ግብር ቀጥሎ «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» ይላል፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የማኅበር ብድር፣ የቅድሚያ ክፍያ መመለሻ፣ የዕቃ ጉድለት፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ተጠቃሎ እዚያ ይገባል። ሠራተኛው የሚደርሰው ወረቀት ላይም ያው ድምር ነው የሚታየው።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ተካሄደና ስቶር ውስጥ 18,000 ብር የሚያወጣ የቧንቧ መክፈቻና ቫልቭ ጎደለ ተባለ። የስቶር ኃላፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የፋይናንስ ኃላፊያችን የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድና የቆጠራውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ከዚህ ወር ጀምረሽ ሦስት ሦስት ሺህ ቁረጪ፣ በስድስት ወር ይዘጋል» አለኝ።

ፋይላቸውን አወጣሁ። ደመወዛቸው 9,000 ብር ነው። በጊዜው በነበረው ሠንጠረዥ ግብሩ 1,745 ብር፣ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ደግሞ 630 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲነሱ 6,625 ይቀራል። «ልዩ ልዩ» ውስጥ ገብቼ ስፈታው ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ፍርድ ቤት ለሁለት ልጆቻቸው ቀለብ በየወሩ 1,500 ብር ከደመወዛቸው ተቀንሶ ለእናትየው እንዲከፈል ለድርጅቱ የጻፈው ትዕዛዝ ነው። ሌላው ለብድርና ቁጠባ ማኅበር የሚሄድ 1,000 ብር ነው፤ 700ው የብድር መመለሻ፣ 300ው ቁጠባ፣ በራሳቸው ፊርማ የተፈቀደ። ኃላፊው ያለኝን 3,000 ስጨምርበት በእጃቸው የሚገባው 1,125 ብር ሆነ። የቤት ኪራይ ይቅርና ለወሩ ታክሲ የሚበቃ አልነበረም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አጭር ነው፣ ሁለት ንዑስ አንቀጽ ብቻ። የመጀመሪያው ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው መቼ እንደሆነ ይናገራል፦ ሕግ ሲያዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ። ሁለተኛው መጠኑን ይገድባል። በአንድ ጊዜ ከሠራተኛው የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ በማንኛውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ብዙ ቦታ ያየሁት ችግር ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን መዝለሉ ነው። «ፈርሞልናል» ወይም «ደንባችን ላይ አለ» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ፊርማው ግን በሩን ነው የሚከፍተው፤ ስንት መውሰድ እንደሚቻል የሚወስነው ሌላው ንዑስ አንቀጽ ነው።

ለኃላፊው ይህን ሳስረዳው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ነገሩን ያብላላሁትም በእሱ ምክንያት ነው። «ግብሩና ጡረታውስ? እነሱም ተቀናሽ ናቸው። አብረው ከተቆጠሩማ የ9,000 ሲሶ 3,000 ነው፤ ከዚያ 2,375ቱን መንግሥት ከወሰደ የቀለቡ ትዕዛዝ ራሱ አይገባም ማለት ነው» አለ። አንቀጹ ላይ ብቻ ከቆምን ክርክሩ የሚያስኬድ ይመስላል። ግን ደመወዙ ከፍ ሲል ምን እንደሚሆን በዚያው ሠንጠረዥ ሠራሁለት። የ20,000 ብር ደመወዝተኛ ግብሩ 5,500፣ ጡረታው 1,400፣ በድምሩ 6,900 ነው። ሲሶው ግን 6,666 ብር ከ67 ሳንቲም። በእሱ አቆጣጠር ከሄድን እንዲህ ያለ ሰው ላይ ግብሩ ራሱ ሕገ ወጥ ሊሆን ነው፣ ደህና ደመወዝ ያለው አባትም ከደመወዙ ቀለብ መቁረጥ የማይቻል ሊሆን ነው። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ ጻፈው ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እኔ የምሠራው ግብርና ጡረታን ለብቻ አስቀምጬ ነው፤ የሲሶው ጣሪያ ለተቀረው፣ ለትዕዛዝ፣ ለብድርና ለጉድለት ነው። የግብር ሠንጠረዡ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፣ ስሌቱን ለ30,000 ብር በአዲሱ ብትሠሩት ግን ያው ነው የሚመጣው።

ሲሶው የሚሰላው ደግሞ ከመደበኛው ደመወዝ ነው። አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ የትራንስፖርት ወጪን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ ትርጉም ውጪ ያደርጋቸዋል። ወር ሙሉ ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው የተከፈለው ስለጨመረ ጣሪያው አብሮ አይጨምርም።

እንግዲህ የጋሼ ጣሪያ 3,000 ብር ነው። 1,500ው በፍርድ ቤት፣ 1,000ው በማኅበሩ ተይዟል። የቀረው 500 ብር ነው፤ ድርጅቱ ቢበዛ ቢበዛ ሊቆርጥ የሚችለው ያንን ነው። ለዚያም ቢሆን የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አልነበረንም፣ የኅብረት ስምምነትም የለም። ኃላፊው ያቀረበው የቅጥር ውላቸውን ነው፤ «ለሚደርስ ጉድለት ከደመወዝ ይቆረጣል» የሚል አንድ መስመር ነበረበት። እኔ እንዲህ ያለውን መስመር እንደ ስምምነት አልቆጥረውም። ስንት እንደሆነ፣ በማን ጥፋት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል ሳይታወቅ ሰው ገና ሥራ በሚጀምርበት ቀን የፈረመው ነው። ድርጅቱ ሰውየው ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ካመነ ከስሶ ማስከፈል ይችላል፤ ያ መንገድ አልተዘጋም።

ያልጠበቅሁት ከራሳቸው ከጋሼ መጣ። ነገሩን ሰምተው ቢሮዬ ገቡና በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ልጄ፣ እባክሽ ቁረጪው። ሌባ ከምባል ብራብ ይሻለኛል። ወረቀት አምጪ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ፊርማ በእርግጥም ነጻ ስምምነት ነው ወይ የሚለውን እንተወው። ነጻ ቢሆንም እንኳ ከሲሶ በላይ አያስቆርጥም። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢፈርሙም እኔ መቁረጥ አልችልም» አልኳቸው። ደግሞስ ከቀለቡ በኋላ 1,125 ብር ይዞ የሚወጣ የስቶር ሰው ወሩን እንዴት ሊዘልቅ ነው?

ከዚያ ይልቅ ያዋጣን ቆጠራውን እንደገና ማየት ነበር። የስቶሩን ማውጫ ቫውቸሮች በተራ ቁጥር ደረደርናቸው፤ ሁለት ቁጥሮች ጎደሉ። ሁለቱም ለአንድ ሳይት በጥድፊያ የወጣ ዕቃ ሆኖ ተገኘ፤ ቅጂው ሳይት ላይ ነበር፣ ቢን ካርዱ ላይ ግን አልተቀነሰም። 10,600 ብር የሚሆነው በዚህ ተሰረዘ። 7,400 ብር ያህሉ ማስረጃ አልተገኘለትም። ጋሼ የዚህን ኃላፊነት ወሰዱና መጠኑንና የየወሩን ቅናሽ የሚገልጽ ወረቀት ተዘጋጅቶ ከሳምንት በኋላ ፈረሙ። ሳምንቱን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ከልጃቸው ጋር ይመካከሩበት ብዬ።

ስምምነቱ እንዲህ ነበር። የማኅበሩ ብድር ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ በወር 500 ብር፣ በድምሩ 2,000። ብድሩ ሲያልቅ 700ው ስለሚለቀቅ ከዚያ በኋላ በወር 1,200፤ ቀሪው 5,400 በአራት ወር ተኩል ይከፈላል። የመጨረሻው ወር 600 ብር ብቻ ነው። ኃላፊው «ዘጠኝ ወር ረዘመ» ብሎ አጉረመረመ እንጂ ፈረመ። በየትኛውም ወር ድምሩ ከ3,000 አላለፈም።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን አምድ በዚያው ሰሞን አፈረስኩት። የአዋጁ አንቀጽ 60 አሠሪው የእያንዳንዱን ተቀናሽ ዓይነትና መጠን የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ «ልዩ ልዩ» ደግሞ ዓይነት አይደለም። አሁን የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የማኅበር፣ የቅድሚያ ክፍያና የጉድለት አምዶች ለየብቻ ናቸው። ኤክሴሉ ላይ አንድ ቀመር ጨመርኩ፤ ደመወዙ C ላይ፣ አራቱ ተቀናሾች ከF እስከ I ላይ ናቸው።

```
=IF(SUM(F5:I5)>C5/3,"በልጧል","")
```

ቀመሩን ባስገባሁ ቀን ሌሎች ሦስት ሰዎች ላይ «በልጧል» አለ። ሁለቱ የቅድሚያ ክፍያ በአንድ ወር እንዲመለስ የተደረገባቸው ነበሩ፤ ወደ ሁለትና ሦስት ወር ከፈልነው። ሦስተኛው ይከብዳል። ደመወዙ 6,000 የሆነ ሾፌር ነው፤ ለማኅበሩ 1,400 ይከፍላል፣ በዚያ ወር ደግሞ 1,200 ብር ቀለብ እንዲቆረጥ አዲስ ትዕዛዝ መጣ። ድምሩ 2,600፣ ጣሪያው 2,000። አዋጁ የትኛው እንደሚቀድም አይዘረዝርም። እኔ ትዕዛዙን አስቀደምኩ፤ የማኅበሩ በሾፌሩ ስምምነት የመጣ ስለሆነ በስምምነት ሊስተካከል ይችላል፣ የፍርድ ቤቱን ግን ድርጅቱ በራሱ ሥልጣን ሊሸርፈው አይችልም። ማኅበሩ መመለሻውን ወደ 800 አውርዶ ጊዜውን አራዘመለት፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ደስተኛ አልነበረችም።

ትዕዛዙ ብቻውን ከሲሶው ቢያልፍ ኖሮ ለችሎቱ ደብዳቤ እንጽፍ ነበር፦ መደበኛ ደመወዙ ይህን ያህል ነው፣ ሲሶው ይህን ያህል ነው፣ እስከዚህ ድረስ ቆርጠን ከፍለናል፣ ለቀሪው ተጨማሪ ትዕዛዝ እንጠብቃለን የሚል፣ የፔሮሉ ቅጂ ተያይዞበት። ዝም ብሎ አሳንሶ መቁረጥም፣ ዝም ብሎ ሙሉውን መቁረጥም አያዋጣም፤ የመጀመሪያው ከችሎቱ፣ ሁለተኛው ከሠራተኛው ጋር ያጋጫል። ቀለብ ከመወሰኑ በፊት ፍርድ ቤቱ ከአሠሪው የደመወዝ ማስረጃ ሲጠይቅ ደመወዙን ብቻ ጽፎ ከመላክ ያሉትንም ተቀናሾች ዘርዝሮ መላክ ይሻላል። የሾፌሩ ማስረጃ ሲላክ ያ አልተደረገም ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ያገኘሁት ደብዳቤ «የወር ደመወዙ ብር 6,000 ነው» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለበትም።